ከጨርቁ ጋር የሚታጠፍ ጽሑፍ፦ ዲስፕሌስመንት ማፕና ግራጫው 128

ዲስፕሌስመንት ማፕ የአንድ ምስል እያንዳንዱ ነጥብ ስንት ፒክስል ወዲያ ወይም ወዲህ መገፋት እንዳለበት የሚናገር፣ ከጥቁር እስከ ነጭ ባሉ ቀለሞች የተሠራ ሥዕል ነው። በካናቴራ ሞካፕ ላይ አንድ ሥራ ብቻ አለው፤ ቀጥ ብሎ የተጻፈውን ቃል ጨርቁ በታጠፈበት ቦታ አብሮ ያጥፈዋል። ይህ ሳይደረግ የቀረበት ጽሑፍ በጨርቁ ላይ የታተመ ሳይሆን በመስታወት ላይ ተጽፎ ከካናቴራው ፊት የቆመ ይመስላል።

በፎቶሾፕ በደንብ የተሠራ ሞካፕ ጽሑፉን የሚይዘው በስማርት ኦብጀክት ውስጥ ነው። የሌየሩ ትንሽ ሥዕል ሁለት ጊዜ ሲጫን ጽሑፉ በሌላ መስኮት ይከፈታል። እዚያ «ሰላም» የሚለው ጠፍቶ «አዲስ አበባ» ተጽፎ በ`Ctrl+S` ሲቀመጥ ማጣመሙ በአዲሱ ቃል ላይ በራሱ ይደገማል። የዚህን መስኮት ስፋት መለወጥ ግን ጽሑፉን ከቦታው ያናጋዋልና መንካት አይገባም። በሌላ ስም ወደ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ፋይልም ሞካፑን አይለውጠውም፤ ቃሉ አልቀየርም አለ ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ማፑ ራሱ የሚሠራው ከካናቴራው ፎቶ ነው። ፎቶው ይቀዳል፣ ቀለሙ ይወጣለታል፣ በ`.psd` ለብቻው ይቀመጣል። ከዚያ ጽሑፉ ያለበት ሌየር ተመርጦ `Filter > Distort > Displace` ይከፈትና የተቀመጠው ማፕ ይሰጠዋል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በትክክል ይሄዳል። የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው፤ መንስኤውም አንድ ቁጥር ነው።

ፊልተሩ የማፑን ነጥቦች የሚያነበው ከ0 እስከ 255 ባለው ሚዛን ነው። 0 ጥቁር፣ 255 ነጭ ነው። 128 የሆነ መካከለኛ ግራጫ «ባለህበት ቁም» ማለት ነው። ከ128 የሚያንስ ነጥብ ጽሑፉን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ የሚበልጠው ደግሞ ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል። የግፊቱን ኃይል የሚወስኑት `Horizontal Scale` እና `Vertical Scale` ናቸው። መጠኑ 100 ሲሆን ከፍተኛው ግፊት 128 ፒክስል ገደማ ነው፤ 10 ሲሆን ደግሞ ወደ 13 ፒክስል ይወርዳል።

ብዙ ሰው ፊልተሩ እጥፋትን የሚያውቅ ይመስለዋል። አያውቅም። ጥልቀትንም አያውቅም፤ የሚያየው የነጥቡን ድምቀት ብቻ ነው። በጨርቁ ላይ ያለ የቡና ጠብታ ወይም በፎቶው ውስጥ የቀረ አሮጌ ሎጎ ለእሱ እንደ እጥፋት ነው፣ ፊደሉንም ያጣምምበታል። ከዚህ የባሰው ግን ሰው ልብ የማይለው ሌላ ነገር ነው፤ የነጭ ካናቴራ ፎቶ በጠቅላላው ከ128 በጣም የደመቀ ነው።

ጎኑ 3000 ፒክስል የሆነ የነጭ ካናቴራ ፎቶ ይወሰድ። ደረቱ ላይ ምንም እጥፋት የሌለበት ልሙጥ ቦታ 215 ይነበባል፤ ይህንን በ`Info` ፓነል ማየት ይቻላል። የእጥፋቱ ጥላ 150፣ ብርሃን ያረፈበት ጫፍ 235 ነው። ማፑ እንዳለ ሆኖ መጠኑ 10 ከተደረገ ልሙጡ ቦታ መቆም ሲገባው ወደ 9 ፒክስል ገደማ ይገፋል። ጥላው ደግሞ 2 ፒክስል፣ ጫፉ 11 ፒክስል ያህል ይሄዳሉ፤ ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ። ስለዚህ «አዲስ አበባ» ጥቂት ከመታጠፉ ሌላ ሙሉ ቃሉ በሰያፍ ተንሸራቶ ከደረቱ መሃል ይወጣል። ሠሪውም ጽሑፉን በእጁ ጎትቶ ይመልሰዋል። መታጠፉ አነሰብኝ ብሎ መጠኑን ወደ 30 ሲያሳድገው መንሸራተቱም ሦስት እጥፍ ያድጋል፤ መጎተቱም ይቀጥላል። ለዚህ የሚባክነው ጊዜ በእውነት ያሳዝናል፤ መድኃኒቱ አንድ ቁጥር መጻፍ ነውና።

መድኃኒቱ ማፑ ከመቀመጡ በፊት `Image > Adjustments > Levels` ከፍቶ የመካከለኛውን መቆጣጠሪያ ዋጋ ዝቅ ማድረግ ነው። በዚህ ፎቶ 0.25 ሲጻፍ 215 የነበረው ልሙጥ ቦታ ወደ 129 ይወርዳል። ያን ጊዜ ልሙጡ ቦታ ባለበት ይቆማል። ጥላው 30 ገደማ ስለሚሆን ወደ 10 ፒክስል በአንድ በኩል፣ ጫፉ 184 ገደማ ስለሚሆን ወደ 6 ፒክስል በሌላ በኩል ይገፋል። መጠኑ ያው 10 ነው፤ ጽሑፉ ግን ከቦታው ሳይናወጥ ይታጠፋል። በጥቁር ካናቴራ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ልሙጡ ቦታ ከ128 በታች ስለሆነ ዋጋው ከ1 በላይ መውጣት አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው የክሩ ነገር ነው። ጥራት ያለው ፎቶ የጨርቁን ሽመና ጭምር ያሳያል፤ ፊልተሩም እያንዳንዷን ክር እጥፋት ናት ብሎ ስለሚወስድ የፊደሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ማፑን በ`Gaussian Blur` ማለስለስ ይህን ያስቀራል። ለዚህ ፎቶ 4 ወይም 5 ፒክስል ይበቃል፤ ክሩ ጠፍቶ እጥፋቱ እስኪቀር ድረስ ማለት ነው።

በግፊቱ መጠን ላይ የአማርኛ ፊደል ከላቲኑ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት ከጎን በምትወጣ አጭር ጭረት ነው፤ የአንዱ ጭረት ከወገቡ፣ የሌላው ከእግሩ ይነሳል። ጽሑፉ ትንሽ ሆኖ ግፊቱ ከበረታ ጭረቷ ከቦታዋ ትሸሽና አንባቢው ሌላ ፊደል ያነባል። ስለዚህ ከ10 ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር፣ በየጊዜውም ቃሉን ጮክ ብሎ ማንበብ ይገባል።

ሌላው ስህተት ጥላውንም ከዚሁ ፊልተር መጠበቅ ነው። ፊልተሩ ነጥቦችን ከማንቀሳቀስ በቀር የሚያጠቁረውም የሚያደምቀውም የለም። በነጭ ካናቴራ ላይ ባለቀለም ጽሑፍ የጨርቁን ጥላ የሚቀበለው የሌየሩ ሁኔታ `Multiply` ሲሆን ነው። በጥቁር ካናቴራ ላይ ነጭ ጽሑፍ በዚያው ቢሞከር ግን ፈጽሞ ይጠፋል፤ በ`Screen` ይታያል።

ፊልተሩ ፈጽሞ የማይችለውም አለ። ጨርቁ በራሱ ላይ ተደርቦ የጽሑፉን ክፍል የሚሸፍንበት ቦታ ካለ፣ የተሸፈነው ፊደል በእጅ በማስክ መቆረጥ አለበት። ግፊት ቃሉን ያጎብጠዋል እንጂ ከጨርቅ ሥር አይደብቀውም።

ሥራው መሳካቱን ማወቂያው ቀላል ነው። ከፊልተሩ ስም አጠገብ ያለችውን የዓይን ምልክት ማጥፋትና ማብራት ነው። በእጥፋቱ ላይ ያሉት ፊደሎች ሲንቀሳቀሱ በልሙጡ ቦታ ያሉት ንቅንቅ ካላሉ ማፑ ትክክል ነው። ቃሉ በሙሉ አብሮ ከዘለለ ግን ልሙጡ ቦታ ገና 128 አልደረሰም።