ቀኑ ያለፈበት መወጣጫ

የአንድ ሕንፃ ግንባታ የደኅንነት ፍተሻ ሪፖርት 12 ገጽ ነው እንበል። ማጠቃለያው ሦስት ጥያቄ ይመልሳል፦ ምን አደጋ ተገኘ? ማን፣ እስከ መቼ እንዲያስተካክል ታዘዘ? የትኛው ቀኑ አለፈ?

«መወጣጫው ችግር አለበት» ማለት አይበቃም። «በ4ኛው ፎቅ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ጠርዝ ላይ መከላከያ አግዳሚ የለም» ተብሎ ይጻፍ። ፎርማኑ እስከ ጥቅምት 5 እንዲያስር ታዘዘ። ጥቅምት 12 ተቆጣጣሪው ሲመለስ እንጨቱ ተገዝቷል፣ አልታሰረም። ስለዚህ «7 ቀን ዘግይቷል» ተብሎ ከማጠቃለያው አናት ላይ ይሰፍራል።

ብዙ ጊዜ ስሕተቱ የሚፈጠረው አዲስ ቀን ሲሰጥ ነው፤ የመጀመሪያው ይሰረዝና መዘግየቱ ከወረቀቱ ይጠፋል። ሁለቱም ቀኖች ይቀመጡ። ጉዳዩ የሚዘጋው ተቆጣጣሪው የታሰረውን አግዳሚ አይቶ ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። እስከዚያ መወጣጫው ላይ ማንም አይውጣ።