ተንበርክኮ መነሳት፦ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች የት ይበላሻሉ?

ባለፈው ሰሞን ሰፈር ሜዳ ላይ አንድ ጓደኛችን ተንበርክኮ ሲነሳ በስልክ ቀረፅነው። ኳስ ሜዳ ላይ የሚደርስበት የለም። ተንበርክኮ ሲነሳ ግን ቆሞ ከሚነሳው እንኳን የባሰ ዘገየ። ለምን? ቪዲዮውን በስሎው ሞሽን ስናየው መልሱ ወዲያው ታየን። "ሂድ!" ሲባል መጀመሪያ ብድግ ብሎ ቆመ፣ ሩጫው የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ተንበርክኮ መነሳት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1896 በአቴንስ ኦሎምፒክ 100 ሜትር ያሸነፈው አሜሪካዊው ቶማስ በርክም የተነሳው እንዲሁ ነው። ጥቅሙ ሰውነታችን ዝቅ ብሎ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል፣ እግራችን መሬቱን ወደ ኋላ መግፋት መቻሉ ነው። ብድግ ካልን ግን ጉልበታችን ወደ ላይ ይሄዳል።

ከአቀማመጡ እንጀምር። የትኛው እግር ከፊት ይሁን? ቀጥ ብላችሁ ቁሙና ጓደኛችሁ ከኋላ ሳታስቡት ቀስ አድርጎ ይግፋችሁ። ላለመውደቅ ቀድሞ የወጣው እግር ከኋላ ይሆናል፣ የቀረው ከፊት። የመነሻ ብሎክ ከሌላችሁ መሬት ላይ መስመር አስምሩ። ከመስመሩ ወደ ኋላ በራሳችሁ ጫማ ሁለት ለኩና የፊተኛውን እግር እዚያ አድርጉ፤ የኋለኛው ሦስተኛው ጫማ ላይ ይሁን። ይሄ መነሻ ልኬት ነው፤ ሲጠብባችሁ ወይም ሲርቅባችሁ ትንሽ ትንሽ አስተካክሉት።

"በቦታህ" ሲባል የኋለኛው ጉልበት መሬት ይነካል። እጆች በትከሻ ስፋት፣ ጣቶች ከመስመሩ ጀርባ፣ ክንድ ቀጥ ያለ። "ተዘጋጅ" ሲባል ዳሌያችሁን ከትከሻችሁ ትንሽ ከፍ አድርጉና ዝም በሉ። የፊተኛው ጉልበት ወደ 90 ዲግሪ የታጠፈ ይሁን። ዳሌ በጣም ከፍ ካለ እግሩ ቀድሞ ስለሚዘረጋ የምትገፉበት ነገር አይኖራችሁም። በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ከመሮጣችሁ በፊት መነሳት ግድ ይሆንባችኋል። ትክክል መሆኑን የምታውቁት ሁለቱም እግሮቻችሁ መሬቱን ሲጫኑት ሲሰማችሁ ነው።

ጓደኛችንን መጀመሪያ "ቀና አትበል!" አልነው። ይባስ ብሎ አገጩን ደረቱ ላይ አጣብቆ ሮጠና ሦስተኛው እርምጃ ላይ ሊደፋ ነበር። ስህተቱ የኛ ነበር። ዝቅ ማለት በደንብ ከመግፋት የሚመጣ ውጤት እንጂ ለብቻው የሚሠራ ነገር አይደለም። ስለዚህ ትእዛዙን ቀየርነው፦ "መሬቱን በሁለቱም እግርህ ወደ ኋላ ግፋው።" ሌላ ምንም አላልነውም። ዓይኑንም መጨረሻው ላይ ሳይሆን አንድ ሁለት ሜትር ፊት ለፊቱ መሬት ላይ እንዲያደርግ ነገርነው።

ለውጡን በዓይን መገመት ስለሚከብድ ስልኩን ከጎን፣ በዳሌ ከፍታ ያዙት። የመጀመሪያው እግር መሬት በነካበት ቅጽበት ቪዲዮውን አቁሙትና እግሩ ከዳሌ አንፃር የት እንዳረፈ እዩ። ከዳሌው ሥር ወይም ትንሽ ከኋላ ካረፈ ቀጣዩ ግፊት ወደ ፊት ይወስዳችኋል። ከዳሌው ርቆ ከፊት ካረፈ ግን እንደ ፍሬን ይይዛችኋል። የጓደኛችን የመጀመሪያ ቪዲዮ ላይ እግሩ ፊቱ ርቆ ነበር ያረፈው፣ ምክንያቱም እርምጃውን ለማስረዘም እየተንጠራራ ነበር። "ግፋው" ካልነው በኋላ እርምጃው አጠረ፣ እግሩም ዳሌው ሥር አረፈ። አጭሩ እርምጃ ነው ያፈጠነው።

ከዚህ በኋላ ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ቆማችሁ፣ ሰውነታችሁን ሳታጥፉ ወደ ፊት አዘንብሉና ልትወድቁ ስትሉ ሩጡ። ይሄ ሲገባችሁ አንድ እጅ መሬት አስነክታችሁ ተነሱ፣ በመጨረሻ በሁለት እጅ። በአንድ ቀን 10 ሜትር አራት ወይም አምስት ጊዜ ይበቃል፣ በየመሀሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ እረፉ። ደክሟችሁ ከሞከራችሁት ሰውነታችሁ የሚለምደው ስህተቱን ነው።

አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ የዓለም ሯጮች በቲቪ ዝቅ ብለው ረጅም ርቀት ሲሄዱ አይታችሁ እነሱን ለመምሰል አትሞክሩ። እነሱን ዝቅ አድርጎ የሚይዛቸው የዓመታት የእግር ጉልበት ነው። ጀማሪ ከአምስት ስድስት እርምጃ በኋላ ቀስ እያለ ቀና ቢል ምንም አይደለም። ችግሩ የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ብድግ ማለቱ ነው።

ጓደኛችን አሁንም አንዳንዴ ብድግ ይላል። ግን አሁን ቪዲዮውን ከኛ ቀድሞ የሚያቆመው እሱ ነው፤ እግሩ የት እንዳረፈ ለማየት።