የክሊክ ዋጋ ሲንር፦ ጥፋቱ የቃሉ ነው ወይስ የጽሑፉ?

ጉግል ላይ አንድ ሰው ፍለጋ ባደረገ ቁጥር በማስታወቂያዎቹ መካከል ጨረታ ይካሄዳል። በጨረታው ደረጃ የሚሰጠው ነጋዴው ለመክፈል የፈቀደው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የማስታወቂያው ጥራት ጭምር ታይቶ ነው። ጥራቱ ከወረደ የቀድሞውን ቦታ ይዞ ለመቆየት የበለጠ መክፈል ግድ ይሆናል።

ነጋዴው ይህን ጥራት የሚገምተው ለእያንዳንዱ ቁልፍ ቃል ከ1 እስከ 10 በሚሰጠው የጥራት ነጥብ ነው። ነጥቡ ራሱ ጨረታው ውስጥ አይገባም፤ የችግሩን አቅጣጫ ብቻ ያመለክታል። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ከሥሩ ያሉት ሦስት መለኪያዎች ይጠቅማሉ፦ ማስታወቂያው ክሊክ የመደረግ ዕድሉ፣ ጽሑፉ ፈላጊው ከሚፈልገው ነገር ጋር ያለው ተዛማጅነት፣ እንዲሁም ከክሊኩ በኋላ የሚከፈተው ገጽ። ሦስቱም የሚመዘኑት ባለፉት 90 ቀናት በዚያው ቃል ካስተዋወቁ ሌሎች ጋር በማነጻጸር ነው።

ለምሳሌ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የአውሮፕላን ትኬት የሚሸጥ አንድ የጉዞ ወኪል አለ እንበል። flights to addis ababa በሚለው ቃል አንድ ክሊክ 1.50 ዶላር ያስከፍለው ነበር። ከዚያ cheap flights to africa የሚል ሰፊ ቃል እዚያው የማስታወቂያ ቡድን ውስጥ ጨመረ፤ ለሁለቱም እንዲሆን ብሎም ከርዕሱ ላይ «አዲስ አበባ» የሚለውን አውጥቶ ጽሑፉን ጠቅላላ አደረገው። በወሩ አማካይ ዋጋው 2.40 ዶላር ደረሰ።

አማካዩ ብቻውን ያሳስታል፤ መጀመሪያ ቃላቱን ነጣጥሎ ማየት ያስፈልጋል። አዲሱ ቃል 100 ክሊክ በ3 ዶላር፣ ነባሩ 200 ክሊክ በ2.10 ዶላር አምጥተዋል። ነባሩ 1.50 ላይ ቢቆይ ኖሮ አማካዩ 2 ዶላር ይሆን ነበር። ስለዚህ ከ90 ሳንቲሙ ጭማሪ 50ው የመጣው ውዱ ቃል ስለተቀላቀለ ነው፤ ቀሪው 40 ግን የነባሩ ቃል የራሱ ዋጋ ስለናረ ነው፤ ምርመራ የሚያስፈልገውም ይኸኛው ነው።

ለዚህ Change history ላይ ጽሑፉ የተቀየረበት ቀን ይታያል፤ ከዚያ የነባሩ ቃል ያለፉ ነጥቦች ከዋጋው ጋር በየቀኑ ተዘርዝረው ይነበባሉ። Ad relevance ከለውጡ በኋላ ከአማካይ በታች ወርዶ ዋጋው ተከትሎት ከወጣ ጽሑፉ ዋና ተጠርጣሪ ነው። መፍትሔው አዲሱን ቃል የራሱ ጽሑፍ ወዳለው ሌላ ቡድን ማዛወርና ለነባሩ የቀድሞ ርዕሱን መመለስ ነው። ሦስቱም መለኪያዎች ሳይነቃነቁ ዋጋው ብቻ ከጨመረ ግን ጽሑፉን መነካካት አይረዳም፤ አዲስ ተወዳዳሪ መግባቱን ወይም ነጋዴው ራሱ የመጫረቻ ዋጋውን ከፍ ማድረጉን ማየት ይሻላል። በነጥቡ ቦታ ሰረዝ ብቻ ከታየ ደግሞ ያ ቃል በቀጥታ የተፈለገበት ጊዜ ለምዘና አልበቃም ማለት ነው፤ ከእሱ ላይ ፍርድ መስጠት አይቻልም።