ረቂቁ የት ደረሰ? አንድ አዋጅ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት እስከ ነጋሪት ጋዜጣ

«የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዲስ አዋጅ አጸደቀ» የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ስልካችን ይጨናነቃል። «ከነገ ጀምሮ ሊያስሩን ነው?» የሚል አለ፣ «ሕጉ ወጥቷል፣ አበቃ» የሚልም አለ። ሁለቱም ተቻኩለዋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዋጅ አያወጣም። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት መሠረት የፌዴራል አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ሚኒስትሮቹ ያደረጉት ረቂቁን ተወያይተውበት ወደ ፓርላማ መላክ ነው። በራሳቸው ሥልጣን የሚያወጡት «ደንብ» የሚባለውን ነው፤ እሱ የሚወጣው አስቀድሞ የጸደቀ አዋጅ ሲፈቅድላቸው ነው።

መንገዱን በአንድ እውነተኛ ሕግ እንከተለው፤ ብዙዎቻችሁን በቀጥታ የሚነካውን የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማለቴ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት ሊደርስበት እንደሚችል የደነገገው ይኸው ሕግ ነው።

ረቂቁን ያዘጋጀው ያኔ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ነው። እዚህ ላይ የፓርላማ ሥርዓትን ጠባይ ልብ በሉ። አሜሪካ የምትኖሩ ሰዎች ኮንግረስ ውስጥ አንድ አባል በስሙ ረቂቅ ሲያቀርብ ታያላችሁ። በፓርላማ ሥርዓት ግን መንግሥት የሚመሠርተው በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ የያዘው ወገን ስለሆነ፣ ረቂቆቹ በአብዛኛው ከመንግሥት ነው የሚመጡት። የምክር ቤት አባላትና ኮሚቴዎችም ሕግ ማመንጨት አይከለከሉም፤ ሲያመነጩ ማየት ግን ብርቅ ነው። ስለዚህ የአንድ ሕግ አጥንት የሚሠራው በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ካሜራ በሌለበት ነው።

ሚኒስትሮቹ በ2012 መጀመሪያ ላይ ከተስማሙበት በኋላ ረቂቁ ወደ ምክር ቤቱ ሄደ። እዚያ መጀመሪያ የሚጠብቀው «አንደኛ ንባብ» ይባላል። ስሙ አያታልላችሁ፤ አንቀጽ በአንቀጽ የሚነበብበት አይደለም። የመንግሥት ተጠሪው ረቂቁ ለምን እንዳስፈለገ ያብራራል፣ አባላት በጥቅሉ ላይ አስተያየት ይሰጣሉ፣ ከዚያ ረቂቁ ለዝርዝር ዕይታ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። መምራቱ ራሱ በድምፅ የሚወሰን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዜናው «ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ ለኮሚቴ መራ» ሲል «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ጆሮ ላይ ይቀርና «ጸደቀ» ተብሎ ይወራል። «መራ» ከሆነ ገና ነው። «አጸደቀ» የሚለው ቃል ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እስኪመጣ ጠብቁ።

በእኔ ግምት አንድ ዜጋ በሕግ ላይ ተጽዕኖ ማድረግ ከቻለ የሚችለው በዚህ በኮሚቴው ጊዜ ነው። ኮሚቴው አንቀጾቹን አንድ በአንድ ያያል፣ ረቂቁን ያዘጋጀውን መሥሪያ ቤት ጠርቶ ይጠይቃል፣ የባለድርሻ አካላትና የሕዝብ ውይይት መድረክ ይከፍታል። የጠበቆች፣ የጋዜጠኞች፣ የነጋዴዎች ማኅበራት ሐሳባቸውን የሚያስገቡት እዚህ ነው። በዚህ ደረጃ የአንድ ቃል ለውጥ ትልቅ ነገር ነው። ለምሳሌ በወንጀል ሕግ ውስጥ «እያወቀ» የሚል ቃል መኖሩና አለመኖሩ፣ ተታሎ ያጋራን ሰውና ሆን ብሎ የፈጠረን ሰው ለይቶ ያስቀምጣል ወይም አብሮ ይከታል። «ሕጉን እንቃወማለን» ብሎ ሰልፍ መውጣት መብት ነው፤ ኮሚቴው ፊት ግን ክብደት የሚኖረው «አንቀጽ ይህ፣ ቃሉ ይህ፣ በዚህ ይተካ» ብሎ በጽሑፍ ያስገባ ሰው ነው። ዲያስፖራውም ይህን በማኅበሩ በኩል ማድረግ ይችላል።

ችግሩ መድረኩ ሲጠብ ነው። ጥሪው በዋዜማው ከመጣ፣ ረቂቁ ለተጋባዦቹ አስቀድሞ ካልታደለ፣ ውይይቱ ለመዝገብ ያህል ነው ማለት ነው። አስቸኳይ የተባለ ረቂቅ ደግሞ ኮሚቴ ሳይገባ በአንድ ስብሰባ ሊጸድቅ ይችላል፤ የአሠራር ደንቡ ይፈቅዳል። እንዲህ ሲሆን መጠየቅ ያለበት «ምኑ ነው ያስቸኮለው?» የሚለው ነው።

ኮሚቴው ሲጨርስ ሪፖርቱንና የውሳኔ ሐሳቡን ይዞ ለሁለተኛ ንባብ ይመለሳል። ድምፅ የሚሰጠው ያኔ ነው። የእኛ አዋጅ ለዚህ የደረሰው የካቲት 5 ቀን 2012 ሲሆን፣ ወደ 300 የሚጠጉ አባላት ደግፈውት፣ 23 ተቃውመውት፣ ሁለት ድምፀ ተአቅቦ አድርገው ጸደቀ። እስኪ ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ እዩት። በ2007ቱ ምርጫ 547ቱም መቀመጫ የተያዘው በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ ነበር። አንድም የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ በሌለበት ቤት 23 ሰው እጁን በተቃውሞ አወጣ። በፓርላማ ሥርዓት መንግሥት በገዛ አባላቱ ድምፅ ስለሚቆም፣ ይህ ዓይነት ቁጥር ውጤቱን ባይለውጥም ችላ የሚባል አይደለም።

በነገራችን ላይ ለማጽደቅ የ547 ግማሽ አያስፈልግም። ሕገ መንግሥቱ ለምልዓተ ጉባኤ የሚጠይቀው ከግማሽ በላይ አባላት መገኘት ነው፤ 547 አባላት ካሉ 274 ማለት ነው። ውሳኔው ደግሞ በተገኙት አብላጫ ድምፅ ነው። 274 ብቻ ከተገኙና ሁሉም ድምፅ ከሰጡ፣ 138 ድምፅ ሕግ ያወጣል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በዚህ ሂደት ድምፅ የለውም፤ የእሱ ሥራ ሕገ መንግሥቱን መተርጎም ነው።

ከዚያ ወደ ፕሬዚዳንቱ ይሄዳል። አሜሪካ ያላችሁ ፕሬዚዳንት ሲባል ሕግ መልሶ የሚልክ ሰው ይመስላችኋል። የኢትዮጵያው ያን ማድረግ አይችልም። አንቀጽ 57 የ15 ቀን ጊዜ ይሰጠዋል፤ በዚያ ውስጥ ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል። እናም «ፕሬዚዳንቷ እንዳይፈርሙ» እያልን በወቅቱ ደብዳቤ የጻፍን ሰዎች ካለን፣ ደብዳቤው በተሳሳተ በር ነው የገባው።

የመጨረሻው ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው፤ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ መታተም። አዋጅ 1185 የታተመው መጋቢት 14 ቀን 2012 ነው፤ ከጸደቀ 39 ቀን በኋላ። አዋጁ የሚጸናው ከታተመበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ በእነዚያ 39 ቀናት «ጸድቋል» ቢባልም በእሱ ማንንም መክሰስ አይቻልም ነበር። ሕገ መንግሥቱም ድርጊቱ ሲፈጸም ወንጀል ባልነበረ ነገር ሰው እንዳይቀጣ ይከለክላል። አንድ ሰው በአዲስ ሕግ ተከሰሰ ሲባል መጀመሪያ ሁለት ቀኖችን አስተያዩ፤ ድርጊቱ ተፈጸመ የተባለበትን ቀንና በጋዜጣው ራስጌ የታተመውን ቀን።

ጋዜጣውን ስታገኙ በአንድ ገጽ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ናቸው። እንግሊዝኛው 1185/2020 ይላል፣ አማርኛው 1185/2012፤ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት እንጂ ሁለት ሕግ አይደለም። በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የትርጉም ልዩነት ካገኛችሁ ግን የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው ነው። ይህን የሚለው ጋዜጣውን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ነው።