ሁለቴ የተቀባ ጥቁር

በቴሌግራም ልብስና ጫማ የሚሸጡ ነጋዴዎች ደንበኞቻቸው የላኩላቸውን የክፍያ ደረሰኝ ቻናላቸው ላይ መለጠፍ ይወዳሉ። ሰው ከፍሎ እየወሰደ መሆኑን አዲስ ገዢ እንዲያይላቸው ነው። አብዛኞቹ የከፋዩን ስምና የሒሳብ ቁጥር ሳይሸፍኑ አይለጥፉም፤ ይህ ለሰው ማሰብ ነውና ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ የሚሸፍኑበት ቀለም ነው።

ስልኳን ላስተካክልላት የመጣች አንዲት ነጋዴ ልትለጥፈው ያዘጋጀችውን ደረሰኝ አሳየችኝ። የሒሳብ ቁጥሩ ላይ ወፍራም ጥቁር መስመር ተስቦበታል፤ በዓይን ሲታይ ምንም የለም። ምስሉን በዚያው ስልክ ጋለሪ ውስጥ ከፍቼ Exposure፣ Brightness እና Shadows የሚሉትን ወደ ቀኝ ጫፍ ስስባቸው መስመሩ ወደ ግራጫ ተለወጠና 13ቱም አሃዞች ከሥሩ ብቅ አሉ። «ወንድሜ፣ ሁለቴ ደርቤ ነው እኮ የቀባሁት!» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሁለቴ ቀብታዋለች።

የተጠቀመችበት እስክሪብቶ ሳይሆን ሃይላይተር ነበር። ሃይላይተር ጽሑፍን አጉልቶ ለማሳየት የተሠራ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን እንዲያሳልፍ ታስቦ ነው የተቀመመው። ቀለሙን ጥቁር ማድረግ ይህን ጠባዩን አይለውጠውም። ነጠላ ቢደራረብም ብርሃን እንደሚያሳልፍ ሁሉ እሱም ያሳልፋል።

በቁጥር ላሳያችሁ። በስክሪን ላይ እያንዳንዷ ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል፣ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ የብርሃን መጠን አላት፤ 0 ድፍን ጥቁር፣ 255 ንጹሕ ነጭ ነው። የደረሰኙ ወረቀት 255፣ የአሃዞቹ ቀለም 40 ነው እንበል። ሃይላይተሩ ደግሞ ከሥሩ ካለው ብርሃን አንድ አምስተኛውን ብቻ የሚያሳልፍ ይሁን። አንዴ ሲቀባ ወረቀቱ ወደ 51፣ አሃዙ ወደ 8 ይወርዳል። ሁለተኛ ሲደረብ ወረቀቱ 10፣ አሃዙ 2 ይሆናል። የሰው ዓይን በስልክ መስታወት ላይ 10ን ከ2 አይለይም፤ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ለፋይሉ ግን 10 ያው 10 ነው፣ 2ም ያው 2 ነው። ሁሉንም በ25 ብናበዛው ወረቀቱ 250፣ አሃዙ 50 ይሆንና ጽሑፉ እንደ አዲስ ይነበባል። ብርሃን የሚጨምረው መሣሪያ የሚሠራው በመሠረቱ ይህንኑ ነው። ሦስተኛ ቅብ ቢጨመር ወረቀቱ 2፣ አሃዙ 0 ይሆናል፤ የስልኩ ጋለሪ ላያወጣው ይችላል፣ ኮምፒውተር ላይ ያለ የፎቶ ፕሮግራም ግን ያወጣዋል። ቁጥሩ የሚጠፋው ወረቀቱም አሃዙም አንድ ዓይነት ዋጋ ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ልዩነት ሳይነካ የሚቆየው በተለይ PNG በሚባለው የፋይል ዓይነት ነው፤ ብዙ ስልክና ኮምፒውተር ስክሪንሾትን የሚያስቀምጠው በእሱ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ምስሉ ተጨምቆ ወደ JPEG ስለሚለወጥ ደካማው ልዩነት አንዳንዴ ይበላሻል። እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይሄዳል። የሰውን ቁጥር ለዚህ ዕድል መተው ተገቢ አይመስለኝም።

ሃይላይተሩን የፈሩ ሰዎች ደግሞ ወደ ሞዛይክ ይሄዳሉ፤ ጽሑፉን ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች የሚበትነው ማለቴ ነው። ለፓስወርድና ለቁጥር ይህም አይበቃም። እያንዳንዱ ማዕዘን በውስጡ የነበሩት ፒክስሎች አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ ተበጥብጦም ቢሆን መረጃ ነው። የባንኩ መተግበሪያ የሚጠቀምበት የፊደል ቅርጽ ይታወቃል፣ መጠኑም ይታወቃል። ቁጥሩን የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው ቦታ ላይ ከ0 እስከ 9 እየጻፈ በዚያው ሞዛይክ ይበትንና የትኛው ከተለጠፈው ጋር እንደሚገጥም ያያል፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። 13 አሃዝ ያለውን ቁጥር በጭፍን ለመገመት 10 ትሪሊዮን አማራጭ አለ። በዚህ መንገድ አሃዝ በአሃዝ ሲኬድ ግን 130 ሙከራ ገደማ ይበቃል። ነገሩ የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ ቢሾፕ ፎክስ የተባለ የደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ይህንኑ የሚሠራ Unredacter የተባለ ነፃ ፕሮግራም ይፋ አድርጓል።

ፊትን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2007 የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። ሕፃናትን የደፈረ አንድ ሰው በፎቶዎቹ ላይ የራሱን ፊት እንደ አዙሪት አጠማዞት ነበር። የጀርመን ፖሊስ ባለሙያዎች አዙሪቱን ወደ ኋላ ፈቱት፣ ኢንተርፖል ፊቱን ለሕዝብ አሳየ፣ ሰውየውም ታይላንድ ውስጥ ተያዘ። እሰየው ነው። ግን ያንኑ ዘዴ የልጇን ፊት ለመሸፈን የምትጠቀም እናትም ትኖራለች። ማጠማዘዝ ፒክስሎቹን ከቦታ ቦታ ያዛውራል እንጂ አያጠፋቸውም። በጣም የደበዘዘ ፊትን በትክክል መመለስ ከባድ ነው፤ ሆኖም ማንነቱን የሚጠረጥር ሰው ሌላ ፎቶ አምጥቶ፣ እኩል አደብዝዞ ማነጻጸር ይችላል። ስለዚህ ፊትንም እንደ ቁጥሩ በድፍን ቀለም መሸፈን ነው የምመክረው፤ ዓይን ላይ ብቻ የሚደረግ መስመር ከንፈርንና አገጭን ትቶ ስለሚያልፍ ለሚያውቀው ሰው ሽፋን አይሆንም።

ለነጋዴዋ ያሳየኋት ቀላል ነገር ነው። አይፎን ከሆነ በ Markup ውስጥ የመደመር ምልክቱን ተጭኖ አራት ማዕዘን ማምጣት፣ ከዚያ ባዶ ክፈፍ ከመሆን ይልቅ ውስጡ የተሞላ እንዲሆን መምረጥ። ኮምፒውተር ላይ በ Paint ቦታውን መርጦ Delete መጫን፤ ያን ጊዜ ፒክስሎቹ ራሳቸው ተነሥተው ባዶ ቀለም ይተካቸዋል። ማዕዘኑ ከጽሑፉ ግራና ቀኝ ዘለግ ይበል፤ ልክክ ብሎ ከተሸፈነ ስፋቱ ራሱ ፓስወርዱ ስንት ፊደል እንደሆነ ይናገራል። ደረሰኙ ግርጌ ያለው ኪውአር ኮድም መረሳት የለበትም። ቁጥሩን ሸፍኖ ኮዱን መተው በሩን ቆልፎ መስኮቱን እንደ መተው ነው ብዬ ብቻ አላልፍም፦ ኮዱ እስከ 30 በመቶው ቢበላሽም እንዲነበብ ተደርጎ ሊሠራ ስለሚችል መሐሉ ላይ መስመር መሳብም አያድንም። ሙሉ በሙሉ ይሸፈን ወይም ይቆረጥ።

ከሸፈኑ በኋላ ምስሉን ስክሪኑ ላይ አስፍቶ እንደገና ስክሪንሾት ማንሣትና የሚላከው ይህኛው እንዲሆን ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ሳይመን አሮንስና ዴቪድ ቡካነን የተባሉ ሰዎች በጎግል ፒክስል ስልኮች ላይ ያገኙት ጉድለት ምክንያቱን ያሳያል። ስልኩ የተቆረጠውን ምስል በአሮጌው ፋይል ላይ ሲጽፍ የአሮጌውን ትርፍ ጭራ አያጠፋውም ነበር፤ ስለዚህ ተቆርጦ ተጣለ የተባለው ክፍል ከፊሉ ፋይሉ ውስጥ ይቀር ነበር። ጉድለቱ ተስተካክሏል፣ ከዚያ በፊት የተላኩት ምስሎች ግን እንደተላኩ ናቸው። አዲስ ስክሪንሾት ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ብቻ ስለሚይዝ ያለፈ ታሪክ አይሸከምም።

መጨረሻ ላይ ፍተሻው አለ። የሚላከውን ምስል ጋለሪ ውስጥ ከፍቶ ብርሃኑን እስከ ጥግ ጨምሮ፣ ኮንትራስቱን ወደ ሁለቱም ጫፍ ወስዶ ማየት ነው። ሽፋኑ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቀለም ሆኖ ከቆየ ይላካል፤ ጥላ ወይም መስመር ከታየበት ይጣላል። ነጋዴዋ ቀድሞ የለጠፈቻቸውን ደረሰኞች እዚያው ቁጭ ብላ በዚህ ስትፈትሽ በሃይላይተር የተሸፈኑት ሁሉ ተነበቡ። ከቻናሉ ሰረዘቻቸው፤ ተቀድተው ወደ ሌላ ቦታ የተላኩ ካሉ ግን መሰረዙ አይደርስባቸውም። ፓስወርድ ቢሆን ወዲያው በመለወጥ ይዳናል። የሒሳብ ቁጥር እንዲያ ስለማይለወጥ ለከፋዮቹ እየደወለች ከባንክ ነኝ ብሎ ቁጥራቸውን እየጠራ የምሥጢር ኮድ የሚጠይቅ ሰው ቢደውልላቸው እንዳይመልሱለት ነገረቻቸው።