ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ፦ ሰባት ሰዓት ነው ወይስ ስምንት?

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለአገር ቤት ማኅበራቸው የሚያዋጡትን ገንዘብ በኢንተርኔት ይከፍላሉ እንበል። በየወሩ አዲስ አበባ ላለው ሒሳብ ያዥ የሚደርሰው ፋይል እያንዳንዱ ክፍያ የተፈጸመበትን ቀንና ሰዓት ይዟል፤ ሰዓቱ ግን የዋሽንግተን ነው። የማኅበሩ መዝገብ የሚዘጋው በአዲስ አበባ ቀን ስለሆነ ዓምዱ በሙሉ መቀየር አለበት። መቶም ይሁን ሺህ ረድፍ፣ በእጅ እየቆጠሩ መለወጥ አያስፈልግም። ኤክሴልም ሆነ ጉግል ሺትስ በአንድ ፎርሙላ ይጨርሱታል፤ የሚደመረው ቁጥር ትክክል እስከሆነ ድረስ።

በመጀመሪያ ስፕሬድሺት ቀንና ሰዓትን እንዴት እንደሚያስቀምጥ ማወቅ ይጠቅማል። ሴሉ ላይ የምናየው ቀን ከበስተጀርባው አንድ ቁጥር ነው። ሙሉው ቁጥር ቀኑን ይቆጥራል፣ ከነጥብ በኋላ ያለው ደግሞ ከቀኑ ምን ያህሉ እንዳለፈ ይናገራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማርች 8 ቀን 2025 ከምሽቱ 18:00 ለፕሮግራሙ 45724.75 ነው፤ ከቀኑ ሦስት አራተኛው ስላለፈ ማለት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ 1 ማለት ሙሉ ቀን ከሆነ አንድ ሰዓት 1/24 ነው። ስምንት ሰዓት ለመጨመር 8/24 እንደምራለን፤ ሌሊቱን ከተሻገረ ቀኑም አብሮ ይቀየራል።

ይህ የሚሠራው ሴሉ ውስጥ ያለው ነገር በእርግጥ ቁጥር ሲሆን ነው። ከሌላ ፕሮግራም የወረደ ፋይል ብዙ ጊዜ ቀን የሚመስል ጽሑፍ ይዞ ይመጣል። መለየቱ ቀላል ነው፤ ማንም አሰላለፉን ካልነካው ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል። እርግጠኛ ለመሆን ባዶ ሴል ላይ `=ISNUMBER(A2)` ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ `FALSE` ከሆነና ጽሑፉ `2025-03-08T18:00:00` የሚመስል ከሆነ ቀኑንና ሰዓቱን ለየብቻ ቆርጦ መደመር ያስፈልጋል፦

```
=DATEVALUE(LEFT(A2,10))+TIMEVALUE(MID(A2,12,8))
```

እዚህ ላይ አንድ ፊደል ልብ ይሏል። ጽሑፉ መጨረሻው ላይ `Z` ካለው ሰዓቱ የዋሽንግተን ሳይሆን ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ዩቲሲ ነው። እንዲህ ከሆነ ሥራው አለቀ፤ አዲስ አበባ ክረምት ከበጋ ከዩቲሲ በሦስት ሰዓት ስለምትቀድም 3/24 መደመር ብቻ ይበቃል። ፋይሉን ከሚልከው ሰው በዩቲሲ እንዲያወጣው መጠየቅ የሚቻል ከሆነ፣ የሚቀጥለው ድካም ሁሉ ይቀራል።

የዋሽንግተን ሰዓት ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ይቀይራሉ። ከ2007 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት በማርች ሁለተኛ እሑድ ከሌሊቱ 2:00 ላይ ሰዓቱ አንድ ወደፊት ይገፋል፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ 2:00 ሲሆን ደግሞ ወደኋላ ይመለሳል። በእነሱ ክረምት ልዩነታችን ስምንት ሰዓት፣ በበጋቸው ሰባት ሰዓት የሚሆነው ለዚህ ነው።

አንድ ሰዓት ምን ያበላሻል የሚል ሰው ይህችን ረድፍ ይመልከት። አንድ አባል ጁላይ 31 ቀን 2025 በዋሽንግተን 16:30 ላይ ከፍሏል። ትክክለኛው ልዩነት ሰባት ነውና በአዲስ አበባ ጁላይ 31፣ 23:30 ይሆናል። በጥር ወር የተዘጋጀ `=A2+8/24` የሚል ፎርሙላ እንዳለ ከቀጠለ ግን ውጤቱ ኦገስት 1፣ 00:30 ነው። ገንዘቡ ወር ተሻገረ፤ የሁለት ወር ሒሳብም ተዛባ። ፕሮግራሙ ምንም የስህተት ምልክት አያሳይም፣ ምክንያቱም ድምሩ ልክ ነው።

መፍትሔው የሚደመረውን ቁጥር ፎርሙላው ውስጥ አለመጻፍ ነው። በዚያው ገጽ ጥግ ላይ ትንሽ ሠንጠረዥ እናዘጋጅ። `F` ዓምድ ላይ ሰዓት የተቀየረበት ቅጽበት በዋሽንግተን አቆጣጠር፣ `G` ላይ ከዚያ ጀምሮ የሚጨመረው ሰዓት ይገባል፦

```
F2  2024-11-03 02:00    G2  8
F3  2025-03-09 02:00    G3  7
F4  2025-11-02 02:00    G4  8
F5  2026-03-08 02:00    G5  7
```

ከዚያ `B2` ላይ ይህን ጽፎ እስከ ታች መጎተት ነው፦

```
=A2+VLOOKUP(A2,$F$2:$G$5,2,TRUE)/24
```

መጨረሻ ላይ ያለው `TRUE` ፕሮግራሙን «ከዚህ ቀን የማይበልጠውን የመጨረሻ ረድፍ ፈልግ» ይለዋል። ስለዚህ `F` ዓምድ ከቀደመው ወደ ቅርቡ የተደረደረ መሆን አለበት። የዶላር ምልክቶቹ ፎርሙላው ወደ ታች ሲጎተት ሠንጠረዡ ከቦታው እንዳይንሸራተት ይይዙታል። አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ቅንብር ላይ በነጠላ ሰረዝ ፋንታ `;` መጻፍ ግድ ነው።

መሥራቱን ለማረጋገጥ ሰዓት ከተቀየረበት ቀን ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት ረድፎችን እናስተያይ። ማርች 8፣ 21:15 የተከፈለው በማግስቱ 05:15 ይሆናል። ማርች 9፣ 21:15 የተከፈለው ግን በማግስቱ 04:15 ነው። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ሰዓት ከወጣ ሠንጠረዡ አልተነበበም ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ `F3` ውስጥ የገባው ቀን ጽሑፍ ሆኖ ይገኛል። ከመጀመሪያው ረድፍ የቀደመ ቀን ሲመጣ `#N/A` ይወጣል፣ ያ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። ከመጨረሻው ረድፍ በኋላ ላለው ጊዜ ግን ማስጠንቀቂያ የለም፤ ፎርሙላው ሰባትን እየደመረ ይቀጥላል። በየዓመቱ ሁለት ረድፍ መጨመርና `$G$5` የሚለውን ማስፋት የሒሳብ ያዡ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይፈታ አንድ ሰዓት አለ። ኖቬምበር 2 ቀን 2025 ዋሽንግተን ውስጥ ከ1:00 እስከ 2:00 ያለው ጊዜ ሁለት ጊዜ አልፏል። 1:30 የሚል ረድፍ በአዲስ አበባ 8:30ም 9:30ም ሊሆን ይችላል። ሠንጠረዣችን ሰባትን መርጦ 8:30 ይላል፤ እውነቱን የሚያውቀው ግን የዩቲሲ መዝገብ ብቻ ነው። በተቃራኒው ማርች 9 ላይ 2:30 የሚባል ሰዓት ጨርሶ አልነበረም። እንዲህ ያለ ረድፍ ካገኙ ፋይሉ የዋሽንግተን ሰዓት መሆኑን ራሱን ይጠራጠሩ።

የቀረው ውጤቱን እኛ ሰዓት በምንቆጥርበት መንገድ ማሳየት ነው። አዲሱ ዓምድ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሚወጣ ስድስት ሰዓት መቀነስ ያስፈልጋል፦

```
=TEXT(B2-6/24,"h:mm AM/PM")
```

`AM` ያለው የቀን፣ `PM` ያለው የማታና የሌሊት ሰዓት ነው። 04:15 የነበረው `10:15 PM` ይሆናል፤ ከሌሊቱ 10:15 ማለት ነው። ይህ ዓምድ ግን ለንባብ ብቻ ይሁን። ስድስት ሰዓት ሲቀነስ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያሉት ረድፎች ወደ ዋዜማው ቀን ስለሚወርዱ፣ የወሩን ድምር ሁልጊዜ ከ`B` ዓምድ ላይ መሥራት ይገባል።