ላይብረሪ ያልሆነው ሊብሬሪ

እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ፈረንሳይኛ ሲጀምር ግማሹን መንገድ የተጓዘ ይመስለዋል። ቴብል ታብል ነው፣ ኔሽን ናሲዮን ነው፣ አኒማል ደግሞ ከነፊደሉ ያው ነው። በዚህ ልቡ የሞላ ተማሪ በቃላት መልመጃው ላይ «ሊብሬሪ» የሚል ቃል ሲያገኝ ወደ መዝገበ ቃላት ሳይዞር «ላይብረሪ» ብሎ ይጽፋል። አስተማሪው ግን ያሰምርበታል። ሊብሬሪ መጽሐፍ የሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት በፈረንሳይኛ ቢብሊዮቴክ ይባላል።

ኢትዮጵያዊው ተማሪ ለዚህ ስህተት ይበልጥ የቀረበ ነው። ሁለተኛ ደረጃን የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ «ላይብረሪ» የሚለውም ቃል በየቀኑ ከአፉ የማይጠፋ ነው።

እንዲህ ያሉትን መልካቸው አንድ፣ ትርጉማቸው ሌላ የሆኑ ቃላት ፈረንሳዮች «ፎ ዛሚ»፣ ማለትም ሐሰተኛ ወዳጆች ይሏቸዋል። ስያሜውን ያስለመዱት ማክሲም ኬስለርና ዡል ደሮኪኚ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው፤ በ1928 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝኛን አሳሳች ቃላት ለአገራቸው ሰዎች በሚያስረዳው መጽሐፋቸው ርዕስ ላይ ተጠቅመውበታል።

የሚገርመው ሊብሬሪ ድሮ ሐሰተኛ አልነበረም። ንጉሥ ሻርል አምስተኛ በ1368 እ.ኤ.አ. መጻሕፍቱን ፓሪስ በሚገኘው የሉቭር ግንብ ውስጥ ሲያሰባስብ ስብስቡ የሚጠራው «ሊብሬሪ» ተብሎ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመንም ጸሐፊው ሞንቴኝ ግንብ ላይ ያለውን የግል ቤተ መጻሕፍቱን የጠራው በዚሁ ቃል ነው። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ሆኖ ስለቆየ እንግሊዝኛ ይህን ቃል ከነድሮ ትርጉሙ ወረሰ። ፈረንሳይኛ ግን ከግሪክ የመጣውን ቢብሊዮቴክ ለቤተ መጻሕፍት አጸናና ሊብሬሪን ለነጋዴው ተወለት። ስለዚህ የድሮውን ትርጉም የጠበቀው የወረሰው እንግሊዝኛ እንጂ ያወረሰው ፈረንሳይኛ አይደለም።

ወደ መልመጃው እንመለስ። ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጠው «አዛምድ» ይላሉ። ተማሪው በዚያች ሰዓት ያዛምዳል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ሁለቱ ቃላት አብረው ትዝ ይሉትና የትኛው የየትኛው እንደሆነ ይጠፋዋል። ባዶ ቦታ የሚያስሞላ ዓረፍተ ነገር ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በደንብ የተሠራ ከሆነ ነው። «አልማዝ ወደ ____ ሄደች» የሚል ጥያቄ ምንም አይፈትንም፤ ሱቅም ቤተ መጻሕፍትም ያስኬዳልና። «አልማዝ ልብ ወለዱን ከ____ ተዋሰች፤ በ15 ቀን ውስጥ መመለስ አለባት» ቢባል ግን «ተዋሰች» የሚለው ቃል ሊብሬሪን ይዘጋዋል። «መጽሐፉን ከ____ በ12 ዩሮ ገዛች» ቢባል ደግሞ በተራው ቢብሊዮቴክ ይወድቃል። ፍንጩ ግሱ ውስጥ ነው።

ከሐሰተኞቹ ሁሉ የከፋው ግን ሊብሬሪ አይመስልም። ፕሬዘርቫቲፍን እንይ፤ እንግሊዝኛው ምግብ እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር ሲሆን ፈረንሳይኛው ኮንዶም ነው። የፓሪስ ባለሱቅን «ማርማላታው ፕሬዘርቫቲፍ አለበት?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከሳቁ ስህተቱን ወዲያው ይረዳል፤ ዕድሜ ልኩንም አይረሳውም። አክቱኤልማን ግን እንዲህ አያጋልጥም። ትርጉሙ «በአሁኑ ጊዜ» ነው፤ እንግሊዝኛው አክችዋሊ ደግሞ «እንደ እውነቱ ከሆነ» ማለት ነው። «እሱ አክቱኤልማን አስተማሪ ነው» የሚለው በሁለቱም ንባብ ሙሉ ትርጉም ስለሚሰጥ አንባቢው ሳይጠረጥር ያልፈዋል። ይህን ስህተት የሚያወጣው «ዓምና ነጋዴ ነበር፤ አክቱኤልማን አስተማሪ ነው» የሚል ጊዜውን የሚያነጻጽር ዓረፍተ ነገር ነው።

በግማሽ ብቻ የሚከዱም አሉ። የፈረንሳይኛው ኤክስፔሪያንስ እንደ እንግሊዝኛው የሥራ ልምድ ማለት ነው፤ ነገር ግን በላቦራቶሪ የሚደረግ ሙከራም በዚሁ ቃል ይጠራል። እንዲህ ያለውን ቃል «ሐሰተኛ» ብሎ ከዝርዝር ማስገባት ትክክለኛውን ግማሽ ያስጥላል፤ ተማሪውም ታብልና ናሲዮንን ሳይቀር መጠርጠር ይጀምራል።

ስለዚህ ፈረንሳይኛ የምትማሩ ወይም የምታስተምሩ አንባቢዎች የመልመጃ መጽሐፍ ስትመርጡ አንድ ዓረፍተ ነገር ወስዳችሁ የተሳሳተውን ቃል አስገቡበት። ዓረፍተ ነገሩ ከነስህተቱ ደህና ከተነበበ ሌላ መጽሐፍ ፈልጉ።